ቃለ አጋኖ፣ ሥዕለ ፊደልና የመልእክት ርዝመት፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የመሥሪያ ቤት የመልእክት ልውውጥ

በመሥሪያ ቤት ከሚጻፈው ጽሑፍ ብዙው ክፍል ዛሬ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሳይሆን በስልክና በኮምፒዩተር የሚተላለፍ አጭር መልእክት ነው። ይህ ዐይነቱ ጽሑፍ እንደ ደብዳቤ የተደነገገ ወግ የለውም፤ እንደ ንግግርም ድምፅና የፊት ገጽታ አይታይበትም። ስለዚህም የጸሐፊው ቃና፣ ማለት ትሕትናው፣ ቁጣው ወይም ቀልዱ፣ በሌሎች ነገሮች መገለጽ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ጭነት አማርኛና እንግሊዝኛ በምን በምን ላይ እንደሚያሳርፉት ነው። ጉዳዩ ከቃላት ጥናት ያለፈ ነገር አለበት፤ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አለቃውና ለአማርኛ ተናጋሪ ባልደረባው የሚጽፍ ሠራተኛ ያንዱን ቋንቋ ልማድ ወደ ሌላው ሲያሻግር፣ ሳያስበው ባለጌ ወይም ቁጡ መስሎ ሊታይ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የክፍል ኀላፊ ለሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ የሚልከው የተለመደ ማሳሰቢያ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት እንበል፤ ሰላምታ፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ እንዲገባ የሚጠይቅ ቃልና ምስጋና። ሦስቱም በቃለ አጋኖ ይዘጋሉ፤ መጨረሻው ላይም ፈገግ ያለ ፊት አለ። ይህ በቃል ከቃል ሲተረጐም እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም ቡድን! እባካችሁ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያችሁን ዛሬ እስከ 5 ሰዓት አስገቡ! አመሰግናለሁ! 😊»

በመጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እናንሣ፤ በእንግሊዝኛው የከሰዓት በኋላ 5 የሚለው በእኛ አቈጣጠር 11 ሰዓት ነው፤ ትርጕሙ እንዳለ ከተላከ ሠራተኛው ቅጹን ከምሳ በፊት ለማድረስ ይሯሯጣል። ይህ ግን በቀላሉ የሚታረም ስሕተት ነው። የከፋው የቃናው ነው። «አስገቡ!» የሚለው ትእዛዝ አንቀጽ ከቃለ አጋኖ ጋር ሲገናኝ የአዛዥ ድምፅ ይሆናል። «እባካችሁ» የሚለውም ብቻውን ልመና ሲሆን ከቃለ አጋኖ ጋር ግን ትዕግሥቱ ያለቀበትን ሰው ያስመስላል፤ «እባክህ!» ብሎ የሚቈጣ ሰው በየቤቱ አለና። ሥራው ሳይሠራ የቀደመው ምስጋናም እንቢ ለማለት በር የሚዘጋ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ለስላሳ የነበረው መልእክት በአማርኛ ግሣጼ ሆነ ማለት ነው። አንድ አማርኛ ዐዋቂ ጸሐፊ ቢጽፈው ኖሮ፦

«ጤና ይስጥልን፤ እንደምን አረፈዳችሁ። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያችሁን እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ድረስ ብታስገቡልን መልካም ነው። እናመሰግናለን።»

ይል ነበር። እዚህ ላይ አንድም ቃለ አጋኖ የለም፤ ትሕትናው ግን አልጐደለም። ለምን ቢባል፣ ትሕትናው ያለው በግሡ ውስጥ ነው። አማርኛ አንድን ሰው «ላክ» ወይም «ላኪ» ወይም «ይላኩ» ሳይል ማዘዝ አይችልም፤ የተጠሪው ጾታና ክብር በግሡ ላይ ተጽፎ ይወጣል። ከዚያም አልፎ «ቢልኩልኝ» ሲባል ትእዛዙ ወደ ምኞት ይለወጣል፤ «-ልኝ» የምትለዋ ምእላድም ነገሩ ለጠያቂው የሚደረግ ውለታ መሆኑን ታሳውቃለች። እንግሊዝኛ ግን አለቃንም ተላላኪንም፣ ወንድንም ሴትንም የሚጠራው ባንድ ተውላጠ ስም ነው፤ ግሡም አይለወጥም። ስለዚህ አክብሮትንና ወዳጅነትን የሚያኖርበት ሌላ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ በአጭር መልእክት ውስጥ ያ ዕቃ ቃለ አጋኖ ሆኗል። ካሮል ዋሰሌስኪ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሁለት የኤሌክትሮኒክ የውይይት መድረኮች ላይ የተጻፉ ቃለ አጋኖዎችን ሲመረምሩ፣ ምልክቱ የስሜት ግለትን የሚያሳየው ጥቂት ጊዜ ሲሆን ይበልጡን የወዳጅነት ምልክት ሆኖ አግኝተውታል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ የእንግሊዝኛው ነጥብ ነው። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናታቸው፣ ባንድ ቃል የተመለሰ የስልክ መልእክት በነጥብ ሲዘጋ አንባቢዎች ቅንነት እንደሚጐድለው አድርገው እንደሚያዩት አሳይተዋል፤ ያው መልስ በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ሲሆን ግን ነጥቡ ልዩነት አላመጣም። በእንግሊዝኛ የመልእክት ልውውጥ መስመር ማለቁ ራሱ ዐረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋው፣ ትርፍ ሆኖ የመጣው ነጥብ እንደ ቍጣ ይነበባል።

የአማርኛው አራት ነጥብ እንዲህ ያለ ስም አላተረፈም። ብዙ ሰው በስልክ ሲጽፍ አራት ነጥብን ፍለጋ ገበታ መለወጥ ስለሚሰለቸው ወይ መጨረሻውን ባዶ ይተወዋል ወይ ሁለት የእንግሊዝኛ ሁለት ነጥቦችን አጋጥሞ «::» ብሎ ይጽፋል። ስለሆነም አራት ነጥብን በሥርዓቱ የሚያኖር ሰው የሚታወቀው በጥንቃቄው እንጂ በኵርፊያው አይደለም። ከዚህ የተነሣ «እሺ።» ብሎ የመለሰ ሠራተኛ በአማርኛ ሙሉ መልስ ሰጥቷል፤ እንዲያውም «እሺ» ከመስማማት ጋር መታዘዝን ስለሚጨምር ታናሽ ለታላቁ ሲመልሰው አያንስም። ይኸው ሰው በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ብሎ ነጥብ ሲያኖርበት ግን የእንግሊዝኛው አለቃ ምን እንዳስቀየመው ሲያሰላስል ይውላል። እዚህ ላይ ምልክቱን ከመቈጣጠር ይልቅ አንድ ሐረግ መጨመር፣ ለምሳሌ «እስከ ነገ እጨርሰዋለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ማከል፣ የተሻለ መድኃኒት ነው ብለን እናምናለን።

በአማርኛ ቃለ አጋኖ ለምን እንዲህ ከባድ ሆነ? ምልክቱ በጥንቱ የብራና ጽሕፈት ውስጥ የሌለ፣ ከኅትመት ጋር ከአውሮፓ የመጣ ነው። ከገባ በኋላ የተሰለፈው ከአድናቆት፣ ከምርቃትና ከአዋጅ ጋር ነው። «እንኳን አደረሳችሁ!» ይላል፤ ከ1957 ዓ.ም. የተማሪዎች ሰልፍ ወዲህም «መሬት ለአራሹ!» የመሰሉ መፈክሮችን ይዞ ዘልቋል። የሠላሳና የአርባ ዓመት ጐልማሳ የመሥሪያ ቤት ሰው ምልክቱን ያወቀው በበዓል ካርድና በግድግዳ መፈክር ላይ ነው። ስለዚህ ከምርቃት ጋር ሲሆን ይሞቃል፤ ከትእዛዝ ጋር ሲሆን ይጮኻል።

ወደ ርዝመት እንለፍ። አማርኛ በአጭር መልእክት ይንዛዛል የሚል ሐሜት እንሰማለን፤ ነገሩ ግን በግማሽ ነው። «ቢያዩልኝ» የሚለው አንድ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ስምንት ቃል ሊፈጅ ይችላል። የልመናው ልብ በአማርኛ አጭር ነው፤ ረጅሙ መግቢያው ነው። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደምን አደሩ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው?» ሳይባል ወደ ሒሳቡ መግባት፣ በተለይ ለታላቅ፣ ነውር ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሰላምታን ብቻ ልኮ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ የሰው ጊዜ እንደ መስረቅ ይቈጠራል፤ ይህን ልማድ ለማስቀረት ብቻ የተሠራ nohello.net የሚባል ገጽ እስከ መኖር ደርሷል። ሁለቱንም ወገን የማያስቀይመው መንገድ ሰላምታውን ሳይዘሉ ጉዳዩን በዚያው መልእክት ማስከተል ነው፤ ባለ እንግሊዝኛው የሚፈልገውን ወዲያው ያገኛል፣ ባለ አማርኛውም ክብሩ አልተነካም።

ከሥዕሎቹ መካከል በመሥሪያ ቤት አማርኛ ጐልቶ የምናየው 🙏 ነው። በእንግሊዝኛ አንዳንዱ ጸሎት፣ አንዳንዱም የሁለት ሰዎች እጅ መማታት አድርጎ ያነበዋል። በእኛ ዘንድ ግን እጅ የመንሣትን ቦታ ይዟል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ጋር ስለሚሄድ ታናሽ ለታላቁ ቢልከው አያስነውርም። 👍 እንዲህ አይደለም። ከአለቃ ወደ ሠራተኛ ሲወርድ «በርታ» ይላል፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ ሲወጣ ግን ታናሹ ታላቁን እንደ ገመገመ ያስመስላል። በእንግሊዝኛ «አየሁት፣ ተስማማሁ» ለማለት ከማንም ወደ ማንም ይሄዳል። በዚያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳ የሳስካችዋን ፍርድ ቤት አንድ ገበሬ ለተላከለት የተልባ ሽያጭ ውል 👍 ብሎ መመለሱን እንደ ፊርማ ቈጥሮበታል።

ቃናው መበላሸቱ በምን ይታወቃል? በእንግሊዝኛ ቃለ አጋኖ ያበዛ የነበረ ሰው በድንገት ወደ ነጥብ ሲመለስ ነው። በአማርኛ ምልክቱ ሌላ ነው፤ «አንተ» ሲልህ የነበረ ባልደረባ አንድ ቀን «ይላኩልኝ» ብሎ ከጻፈ፣ ያከበረህ ሳይሆን የራቀህ ነው። ይህን የሚጠግን ሥዕል የለም፤ ስልክ መደወል ይሻላል።

የስያሜውን ነገር በአጭሩ እናንሣ። ለኢሞጂ «ስሜት ገላጭ» የሚለውን የሚያቀርቡ አሉ። ይህ ቃሉን ስሜት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በማዛመድ የመጣ ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ፊደል ማለት ነው። ከስሜት ጋር የማይገናኙ የመኪናና የዳቦ ዐይነት ሥዕሎችም ስላሉበት «ሥዕለ ፊደል» የሚለውን እንመርጣለን፤ በንግግር «ኢሞጂ» ቢባል ግን አንከለክልም።

በመጨረሻ አማርኛ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሌለው አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም ትእምርተ ሥላቅ (¡) ነው። ስፓኝኛ ይህን የተገለበጠ ምልክት በዐረፍተ ነገር መነሻ ሲያኖረው፣ አማርኛ በመጨረሻ አኑሮ ለፌዝ ይጠቀምበታል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ለዚሁ ሲቸገሩ /s ብለው ይጨምራሉ ወይም የተገለበጠ ፊት ይልካሉ። በብዙ ስልኮች ገበታ ላይ የቃለ አጋኖን ቁልፍ ተጭኖ በማቆየት ይገኛል፤ «ስብሰባው እንደ ልማዱ በሰዓቱ ተጀመረ¡» ብሎ ለመጻፍ ሌላ መሣሪያ አያሻም። ሆኖም ወጣቶቹ ተቀባዮች ምልክቱን ስለማያውቁት የተሳሳተ ቃለ አጋኖ ሊመስላቸው ይችላል፤ ስለዚህ ለጊዜው ለሚያውቁት ባልደረቦች ብቻ መላክ ይበጃል።