የትምባሆ ማሳው የማን ነው? ባለቤትን የሚሰውር የኩባንያ ሰንሰለት እንዴት ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ የይፋት ቆላ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት እዚያ ናት። አገሩ በሽንኩርትና በማሾ ይታወቃል፤ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትም በዚሁ ቆላ ትምባሆ ሲያለማ ኖሯል። ድርጅቱን የድሮ ሰው እስከ ዛሬ «ትምባሆ ሞኖፖል» ይለዋል። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «የመንግሥት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የየትኛው መንግሥት እንደሆነ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ አክሲዮን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት 30.95 በመቶ ጨመረና ድርሻው 70.95 በመቶ ደረሰ። የጃፓን ቶባኮ ደግሞ በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሲሆን፣ የአገሩ ሕግ ከአክሲዮኑ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከጃፓን መንግሥት እጅ እንዳይወጣ ያስገድዳል። የ70.95 በመቶ ሲሶ 23.65 በመቶ ነው። ድርጅቱ 100 ብር ትርፍ ቢያከፋፍል ከ23 ብር የሚበልጠው ሁለት ደረጃ ወጥቶ ለጃፓን ገንዘብ ሚኒስቴር ይቆጠራል ማለት ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም። ሁሉም ደረጃ የታወጀ ስለሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሊያሰላው ይችላል። ይህን ሰንሰለት ለቤተሰብ ኩባንያዎች ጉዳይ መነሻ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው፤ የሚታየውን ሰንሰለት ማንበብ የቻለ፣ አንዱ ቀለበት የጨለመበትን ለይቶ ማወቅ አይቸግረውም።

ትርፍ ይቀንሳል፣ ሥልጣን አይቀንስም

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ገንዘቡ ለማን ይደርሳል? ትእዛዙስ ከማን ይወጣል? የሁለቱ ሒሳብ አንድ አይደለም።

አንድ ነጋዴ አባት አለ እንበል። የመጀመሪያው ኩባንያ 51 በመቶ የእሱ ነው። ይህ ኩባንያ የሁለተኛውን 51 በመቶ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሦስተኛውን 51 በመቶ ይይዛል። ሦስተኛው ኩባንያ ከሚያተርፈው 100 ብር ለአባትየው የሚደርሰው 13 ብር ከ27 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ድርሻው በየደረጃው ይባዛልና። ሥልጣኑ ግን አይባዛም። የላይኛው ስብሰባ ላይ አብላጫ ድምፅ ስላለው ሥራ አስኪያጁን እሱ ይሾማል፤ ያ ሥራ አስኪያጅ በሁለተኛው ኩባንያ ስብሰባ ላይ ይወክለዋል፤ የሁለተኛው ሹመኛም በሦስተኛው። ከታች ያለውን መኪና መሸጥ፣ መጋዘኑን ማስያዝ፣ ብድር መፈረም ሁሉ የእሱ ውሳኔ ነው። በ13 ብር ድርሻ የ100 ብሩን ንብረት ያዝዛል።

ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም። አንድ ቤተሰብ የጭነት መኪናውን በአንድ ኩባንያ፣ ሆቴሉን በሌላ ቢያደርግ፣ መኪናው ሰው ቢገጭ ካሣው ሆቴሉን አይነካም። ውርስም ሲመጣ ሕንፃ ከመሰንጠቅ ድርሻ መከፋፈል ይቀላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም የኩባንያዎችን ቡድን የሚመለከት የራሱ ክፍል አለው። ጥያቄው የሚነሳው ከላይ የተቀመጠው ስም የእውነተኛው ባለቤት ሳይሆን ሲቀር ነው።

የተበደረ ስም

በአገራችን የስም ብድር ልማድ አንዱ ሥር ሕጉ ራሱ ነበር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። ብቻውን መሥራት የፈለገ ሰው ሁለተኛ ስም መፈለግ ነበረበት፤ ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ትንሽ ድርሻ ይሰጥና መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ያስገባቸዋል። ብር አላወጡም፤ ስብሰባም አይጠሩም። የ2013ቱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ስለፈቀደ ያ ችግር ተቃልሏል። ስም የማበደሩ ልማድ ግን ሌላም ጥቅም ስለነበረው አብሮ አልቀረም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ድርሻው በአማች ስም ይመዘገባል። በዚያው ቀን አማችየው ለእውነተኛው ባለቤት ጠቅላላ ውክልና ይሰጣል፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስብሰባ ድምፅ መስጠት፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ሁሉ በውክልናው ይካተታል። አንዳንዱ ከዚህም አልፎ ቀኑ ያልተሞላ የድርሻ ማስተላለፊያ ውል አስፈርሞ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል፤ አማች ቢያኮርፍ ቀኑን ይሞላዋል። መዝገብ ያገላበጠ ሰው የሚያገኘው የአማችየውን ስም ብቻ ነው። ውክልናው በሌላ ፋይል፣ ውሉ በሰውየው መሳቢያ ነው ያለው።

ባንኮች ላይ ደግሞ ሕጉ የቤተሰብን ስም ለመሰብሰብ ሞክሮ ነበር። የ2000 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ ከፌዴራል መንግሥት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ሲከለክል፣ የትዳር ጓደኛውንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ድርሻ አብሮ ይደምር ነበር። ቃል በቃል ሲነበብ ግን የ19 ዓመት ልጅ፣ እህት፣ አማች ከድምሩ ውጭ ነበሩ። ባልና ሚስት በአንድነት 5፣ ትልቁ ልጅ 5፣ እህት 5፣ አማች 5 ቢይዙ አንድ ገበታ የሚቀርብ ቤተሰብ 20 በመቶ ያዘ ማለት ነው። ባለአክሲዮኖቹ በሺዎች በሚቆጠሩበት ባንክ ደግሞ በአንድነት የሚሰጥ 20 በመቶ ድምፅ የቦርድ አባላትን ምርጫ ሊያዘነብል ይችላል።

ሰንሰለቱ ድንበር ሲሻገር

እስከ ጫፉ ተገልጦ የታየ የአፍሪካ ምሳሌ የአንጎላው ነው። ጆዜ ኤድዋርዶ ዶስ ሳንቶስ ከ1979 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አገሪቱን መርተዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሾልከው የወጡ ሰነዶችን ያጠኑ ጋዜጠኞች ከልጃቸው ኢዛቤልና ከባለቤቷ ሲንዲካ ዶኮሎ ጋር የተያያዙ ከ400 በላይ ኩባንያዎች እንዳገኙ አስታወቁ። እኛ አንዷን መስመር ብቻ እንከተል።

ከታች ያለው ንብረት ጋልፕ የተባለው የፖርቱጋል የነዳጅ ኩባንያ ነው። የጋልፕን 33.34 በመቶ የያዘው አሞሪም ኤነርዢያ የተባለ ኩባንያ ነበር። የአሞሪም ኤነርዢያ 55 በመቶ የፖርቱጋሉ የአሞሪም ቤተሰብ፣ 45 በመቶው ኔዘርላንድ የተመዘገበው የኤስፔራዛ ነበር። የኤስፔራዛ 60 በመቶ የአንጎላ መንግሥት የነዳጅ ድርጅት የሶናንጎል፣ 40 በመቶው ኤግዜም የተባለ ኩባንያ ድርሻ ነበር። ኤግዜም ደግሞ የዶኮሎ ነበር። ሲባዛ፣ 33.34 በ45 በመቶ፣ ያ በ40 በመቶ፤ ውጤቱ ከጋልፕ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ያኔ ጋልፕ በር ላይ ቆሞ «ባለቤትህ ማን ነው?» ያለ ሰው የሚያገኘውን መልስ አስቡ። የመጀመሪያው መልስ አንድ የፖርቱጋል ቤተሰብ ነው። አንድ ደረጃ ቢወጣ የሆላንድ ኩባንያ ያገኛል። ሌላ ቢወጣ የአንጎላ መንግሥትን። የፕሬዚዳንቱ አማች ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የልጃቸው ስም ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ምሥጢሩ የወጣው ግን ከድርሻው ይልቅ ከክፍያው ነው። ኤግዜም ያንን 40 በመቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ከሶናንጎል የገዛው በ75 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን፣ በቅድሚያ የከፈለው 15 በመቶውን ብቻ ነበር። ቀሪውን ያበደረው ሻጩ ሶናንጎል ራሱ ነው። የመንግሥት ድርጅት ንብረቱን ለፕሬዚዳንቱ አማች ሲሸጥ የመግዣውንም ገንዘብ አበደረ ማለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ የተቀመጠ የግልግል ዳኝነት ጉባኤ ሽያጩ በሕገወጥነት የተበከለ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው። ኢዛቤል ዶስ ሳንቶስ ጥፋት አልሠራሁም ብላ ትከራከራለች።

እንዴት ይታወቃል?

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት በመዝገብ ላይ ያለውን ስም ከማንበብ ይልቅ ገንዘቡን መከተል ይበልጣል የሚል ነው። ስም ያበደረ ሰው ብዙ ጊዜ ድርሻውን የሚገዛበት ገቢ የለውም። ስለዚህ ካፒታሉን ማን አስገባ? ለባንክ ብድሩ ዋስ ሆኖ የፈረመው ማነው? የተለያየ ስም ያላቸው አራት ኩባንያዎች አንድ አድራሻ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ካላቸው፣ እርስ በርስም ያለ ወለድ የሚበዳደሩ ከሆነ ባለቤታቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም።

የዓለም አሠራር ብዙ ጊዜ 25 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘውን ሰው ስም ማሳወቅ ነው። ይህም ወሰን አለው። አራት ዘመዶች 24፣ 24 በመቶ ቢይዙ፣ አምስተኛው 4 በመቶ ቢይዝ ማንም መስፈርቱን አይደርስም፤ ኩባንያው ግን ሙሉ በሙሉ የአንድ ቤት ነው። ስለዚህ ደህና መርማሪ ከቁጥሩ ጎን ትእዛዙ ከማን እንደሚወጣ ይጠይቃል።

የሮቢት ሽንኩርት አምራችን ይህ ምን ይመለከተዋል? ሽንኩርቱን በዱቤ የሰጠው ለ«እገሌ ኃ.የተ.የግ.ማ.» ነው እንበል። ሲሰጥ ያየው ትልቅ መጋዘንና ሁለት የጭነት መኪና ነበር። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይፈረድለታልም። አፈጻጸም ላይ ግን የመኪናዎቹ ሊብሬ በእህት ኩባንያ ስም፣ የመጋዘኑ ካርታ በአማች ስም ይሆንበታል። የፈረመለት ማኅበር ያለው ጠረጴዛና ባዶ የባንክ ሒሳብ ነው። በመርሕ ደረጃ ማኅበሩ ለዕዳው የሚጠየቀው በራሱ ንብረት ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ክርክር ነው።

ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ሽንኩርቱ ከመውጣቱ በፊት ሊብሬውና ካርታው በማን ስም እንዳለ ማየት፣ ከዚያም ንብረቱ በስሙ ያለው ሰው ወይም ኩባንያ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም መጠየቅ ነው። አንድ ነገር አይዘንጋ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና የሚጸናው በግልጽ ሲሰጥና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ሲጻፍ ነው። «ለሚኖርበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» ብሎ መጠኑን ሳይጠቅሱ መፈረም ፍርድ ቤት አያስኬድም። 300 ሺህ ብር ከሆነ 300 ሺህ ብር ተብሎ ይጻፍ። ባለንብረቱ ለመፈረም እምቢ ካለ ደግሞ መኪናው ለዚህ ዕዳ እንደማይቀርብ ቀድሞ ነገራችሁ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሽንኩርቱን በእጅ በእጅ መሸጥ ይሻላል።