ተጀምሮ የሚያልቅ ተከታታይ ፊልም

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2022 ኔትፍሊክስ «1899» የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ለቀቀ። ስደተኞችን ጭና ከአውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የምትጓዝ መርከብ ከወራት በፊት የጠፋች ሌላ መርከብ ባሕር ላይ ታገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ምስጢር በምስጢር ላይ ይደራረባል። ስምንተኛው ክፍል ሲያልቅ ተመልካቹ ሲጀምር ከነበረው የባሰ ጥያቄ ታቅፎ ቀረ። አዘጋጆቹ ታሪኩን በሦስት ሲዝን ለመጨረስ አስበው ነበርና መልሱን ለኋላ አቆይተውታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ፊልሙ እንደማይቀጥል ተነገረ። ስምንት ሰዓት ገደማ የሰጠ ሰው ታሪኩ እንደተንጠለጠለ ቀረበት።

ሥራ፣ ልጅና የቤት ጣጣ ያለበት ሰው ከእንዲህ ያለው ነገር የሚያመልጠው «ሲዝን አንድ ብቻ ነው» የሚለውን በመምረጥ አይደለም፤ «1899»ም ሲዝን አንድ ብቻ ነው። የሚፈለገው ሲጻፍ ጀምሮ መጨረሻው የተወሰነለት ታሪክ ነው። ኔትፍሊክስ ላይ የአንዱን ፊልም ገጽ ስትከፍቱ «1 Season» ወይም «5 Seasons» የሚል ታያላችሁ። በዚያው ቦታ «Limited Series» ከተባለ በአንድ ዙር እንዲቋጭ ታስቦ የተሠራ ነው። አይኤምዲቢ ድረ ገጽ ላይ ይኸው ዓይነት «TV Mini Series» ይባላል። ፊልሙን በፍላሽ ከጓደኛ ለሚቀበል ሰው ግን ይህ ምልክት የለም። የፋይሉ ስም ለሁሉም S01E01 እያለ ስለሚሄድ የሚያልቀውንና የማያልቀውን አይለይም፤ ርዕሱን አይኤምዲቢ ላይ መፈለግ ግድ ነው።

ምልክቱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። «ቢግ ሊትል ላይስ» በ2017 ሲወጣ በሰባት ክፍል የሚያልቅ ተብሎ ነበር፤ በዚያው ዘርፍ የኤሚ ሽልማትም ወሰደ። ተመልካቹ ሲበዛ ሐሳባቸውን ለወጡና በ2019 ሁለተኛ ሲዝን መጣ። የ2024ቱ «ሾገን»ም እንዲሁ ባለ አሥር ክፍል ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ይቀጥላል ተባለ። የገበያ ነገር ነው፤ የተወደደ ነገር ዝም ተብሎ አይተውም። ሆኖም ሁለቱም ተመልካቹን አላጭበረበሩም ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ሰባት ክፍል የሊያን ሞሪያርቲን ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ተርኮታል፤ አሥሩ የ«ሾገን» ክፍሎችም ጄምስ ክላቬል በ1975 ያሳተመውን ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ጨርሰውታል። ሌላ ሲዝን መጣ አልመጣ፣ እዚያ ላይ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ሰው የሚጎድልበት የለም።

ስለዚህ ከምልክቱ ቀጥሎ የምመለከተው የታሪኩን ምንጭ ነው። ያለቀ አንድ ልቦለድ ወይም በታሪክ የተዘጋ ክስተት ከሆነ ጸሐፊው መድረሻውን አውቆ ተነሥቷል ማለት ነው። «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» የተወሰደው ዋልተር ቴቪስ በ1983 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ወላጅ አልባዋ የቼዝ ተጫዋች በመጽሐፉም በፊልሙም ጉዞዋን የምትጨርሰው ሞስኮ ላይ ነው።

መድረሻን አውቆ መነሣት ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያሳየው በ2019 የወጣው «ቼርኖቤል» ነው። አምስት ክፍል ነው፤ አንድ ላይ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። አምስቱንም የጻፈው ክሬግ ሜዚን፣ አምስቱንም ያዘጋጀው ዮሃን ሬንክ ነው። ይህም ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ረጅም ተከታታይ ብዙ ጊዜ ጸሐፊና አዘጋጅ እየተቀያየረበት ይሄዳል።

ፊልሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ጊዜው 1988 ነው፤ ሳይንቲስቱ ቫለሪ ሌጋሶቭ ቃሉን በካሴት ቀድቶ ይደብቅና ሕይወቱን ያጠፋል። ስለዚህ «ምን ይደርስበት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተዘጋ። ከዚያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ፍንዳታው ወደ ደረሰበት ሌሊት እንገባለን። ኃላፊው መሐንዲስ «የማብላያው እምብርት ሊፈነዳ አይችልም» ብሎ ድርቅ ይላል፤ ሄደው አይተው የመጡትን እንኳ አያምንም። ጸሐፊው የተከለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሊፈነዳ የማይችል ነገር እንዴት ፈነዳ?

በቀሪዎቹ ክፍሎች እሳት አጥፊው፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። ጥያቄው ግን አይረሳም። አምስተኛው ክፍል በ1987ቱ ችሎት ላይ ያርፍና ሌጋሶቭ ቀይና ሰማያዊ ካርዶች እየሰካ ያስረዳል፦ ቀዩ ኃይል የሚጨምረውን፣ ሰማያዊው የሚቀንሰውን ነገር ይወክላል። ሰማያዊዎቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ። በመጨረሻ ማብላያውን ለማቆም አደጋ መከላከያው ቁልፍ ይጫናል፤ ማቆሚያ ዘንጎቹ ግን ጫፋቸው ግራፋይት ስለሆነ ለቅጽበት ኃይሉን ያባብሱታል። የፊዚክስ ትምህርት የጠላ ሰው እንኳ ይገባዋል። በመጀመሪያው ክፍል የተጠየቀው በመጨረሻው ክፍል፣ ያውም እዚያው ሌሊት ላይ ተመልሰን እያየን፣ ተመለሰ።

እንዲህ መቋጨት ዋጋ ያስከፍላል። እውነተኛው ሌጋሶቭ በዚያ ችሎት ላይ አልተገኘም። ኡላና ሆምዩክ የተባለችው ሳይንቲስትም የለችም፤ ብዙ ሳይንቲስቶችን ወክላ የተፈጠረች ናት። ብዙ ሰው፣ ብዙ ዓመት በአምስት ክፍል ሲጠቃለል እንዲህ ያለ ማጣጠፍ አይቀርም። ፊልሙን እንደ ታሪክ መጽሐፍ የሚጠቅስ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ከዚህ የማነሣው የመፈተኛ ዘዴ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ካያችሁ በኋላ ጥያቄው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሞክሩ። መናገር ከቻላችሁና ፊልሙ በዚያው ዙሪያ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ያልቃል። በየክፍሉ አዲስ ምስጢር እየተከፈተ የቀደመው ሳይመለስ ካለፈ ግን ክፍሉን መቁጠር ትታችሁ ሌላ ብትፈልጉ ይሻላል።

ማለቅና ማጠር ለየቅል መሆናቸውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሪያ ድራማዎች አብዛኞቹ በአንድ ሲዝን የሚቋጩ ናቸው፤ በዚህ በኩል ለእንዲህ ያለ ተመልካች የተሠሩ ይመስላሉ። ግን «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» 16 ክፍል ሆኖ ከ20 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለዳታም ቀላል አይደለም፤ ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋ ባይት እንደሚፈጅ ራሱ ይገልጻል። በሞባይል ጥቅል የሚያይ ሰው ከክፍሉ ብዛት ይልቅ ሰዓቱን ቢደምር ይሻለዋል።

በጣም አጭሩን ለሚፈልግ የ2025ቱ «አዶለሰንስ» አለ። አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱም ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ የተሠራ ነው፤ አራቱ ተደምረው አራት ሰዓት አይሞሉም። የ13 ዓመት ልጅ በግድያ ተጠርጥሮ ይያዛል። አድርጎታል ወይስ አላደረገም የሚለው በመጀመሪያው ክፍል ይለይለታል፤ ቀሪዎቹ ሦስት «ለምን?» የሚለውን ይዘው ትምህርት ቤቱን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋን፣ በመጨረሻም ቤተሰቡን ያዳርሳሉ። ችሎቱን አያሳይም። «የፍርዱስ ነገር?» ብሎ የሚከፋ ተመልካች አይጠፋም፤ እኔ ግን ጸሐፊዎቹ ትክክል ናቸው እላለሁ፤ የተነሣው ጥያቄ የዳኛ አልነበረም።