ያልጠየቃችሁት አገልግሎት ካርድ ሲበላባችሁ

ካርድ ሞልታችሁ ሳትደውሉበት ሲጎድልባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው «ኔትወርኩ በላው» ብሎ ያልፈዋል። ኔትወርክ ግን ገንዘብ አይበላም። ከሂሳብ የተቀነሰ እያንዳንዱ ሳንቲም በኦፕሬተሩ ሲስተም ውስጥ ቀንና ሰዓት፣ ምክንያትም ተጽፎለት ተቀምጧል። የአቤቱታ ደብዳቤ ጉልበቱ ያ መዝገብ እንዲወጣ ማስገደዱ ላይ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው።

አንዲት ዘመዳችን ቅድመ ክፍያ ቁጥር ነው ያላት። ከአንድ ባለ አራት አኃዝ አጭር ቁጥር በየቀኑ ጠዋት የጤና ምክር የሚል መልእክት ይገባላታል፤ በገባ ቁጥር 2 ብር ይቀነሳል። እሷ መልእክቱ ማስታወቂያ መስሏት ሳትከፍት ትተወዋለች። ሁለት ብር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ለሁለት ወር በየቀኑ ሲቆረጥ ግን 120 ብር ነው።

እንዲህ ያለውን አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ኦፕሬተሩ ራሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር ውል ያለው ይዘት አቅራቢ ድርጅት ነው። ሰው የሚመዘገበው ለአጭሩ ቁጥር አንድ ፊደል ወይም ቃል በመላክ፣ በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር በመደወል፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ አንድ ቁልፍ በመንካት ነው። ልጅ ጌም ሲጫወት ብቅ ያለ ማስታወቂያ ቢነካ ያ ራሱ ለምዝገባ ሊበቃ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሲም ካርዱ ቀድሞ የሌላ ሰው ከነበረና ቁጥሩ ተመልሶ ከተሸጠ፣ የቀድሞው ባለቤት ምዝገባ ሳይሰረዝ አብሮ ሊመጣ ይችላል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ሲስተሙ በየቀኑ ያድሰዋል። ሂሳብ ባዶ ከሆነ ይጠብቅና ካርድ ሲሞላ እንደገና ሊሞክር ይችላል፤ ገና እንደሞላችሁ ሁለት ብር ብትጠፋ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት መልእክቶቹን አታጥፉ። በመጀመሪያ ፎቶ አንሷቸው፤ አጭር ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተቆረጠው ብር ይታይ። ከዚያ በኋላ ማቋረጫውን ላኩ፤ መልእክቱ ላይ ራሱ የተጻፈ ቃል ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ `STOP` ነው። ተቋርጧል የሚለውን መልስም አስቀምጡ። ይህን ቃል መላክ ተመዝግቤ ነበር ብሎ ማመን አይደለም፤ ደማችሁ እየፈሰሰ ክርክር አትጀምሩም።

አሁን ደብዳቤው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንዴቱን ስለሚጽፍ ነው። «ለብዙ ጊዜ ገንዘቤ ሲዘረፍ ቆይቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሚያነበው ሠራተኛ ምንም አይጠቅመውም። ሠራተኛው ሲስተሙ ውስጥ የሚያስገባው ስልክ ቁጥር፣ አጭር ቁጥርና ቀን ነው። ቀኑ ደግሞ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለበት። ሲስተሙ የሚቆጥረው በአውሮፓ ቀን ነው፣ ሰዓቱም ስልኩ ላይ 8:14 AM ብሎ የሚታየው የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ14 ነው። «በመስከረም 5 ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌላ ቀንና ሌላ ሰዓት ተፈልጎ «የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ።

የዘመዳችን ደብዳቤ ዋናው ክፍል እንዲህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ያልጠየቅሁት አገልግሎት እንዲቋረጥ፣ የምዝገባው ማስረጃ እንዲሰጠኝና የተቆረጠብኝ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ በስሜ በተመዘገበው ስልክ ቁጥር ላይ ከመስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025) እስከ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2025) ድረስ ከዚህ በታች ከተጠቀሰው አጭር ቁጥር 47 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ብር፣ በድምሩ 94 ብር ተቆርጦብኛል። ለዚህ አገልግሎት አልተመዘገብኩም፤ ፈቃዴንም አልሰጠሁም። ስለሆነም ምዝገባው በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ፣ ከስልኬ በተላከ ምን ዓይነት መልእክት እንደተፈጸመ የሚያሳይ የሲስተም መረጃ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ይህ ማስረጃ ካልቀረበ 94 ብሩ ወደ ሂሳቤ እንዲመለስልኝ፣ ወደፊትም ክፍያ የሚያስከትል የአጭር ቁጥር አገልግሎት በዚህ ቁጥር ላይ እንዳይመዘገብ እንዲዘጋልኝ አመለክታለሁ።»

ስድሳ ቀን ሆኖ ሳለ 47 ብቻ መጻፉን አስተዋላችሁ? ሂሳብ ባዶ የነበረባቸው ቀናት ስላሉ ነው። ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ድምር ከጻፋችሁ ትክክለኛውም አብሮ ይጠረጠራል። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

የደብዳቤው ልብ ግን ማስረጃውን የሚጠይቀው ሐረግ ነው። ያላደረጋችሁትን ነገር አላደረግሁም ብላችሁ ማረጋገጥ አትችሉም። ምዝገባ ነበር የሚለው ወገን ግን ምዝገባውን ማሳየት ይችላል፤ ከስልካችሁ መልእክት ሄዶ ከሆነ በሲስተሙ ውስጥ መኖር አለበት። መልሱ «ደንበኛዋ ራሷ ተመዝግባለች» ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄው አልተመለሰም፤ መቼና በምን መንገድ ብላችሁ ድገሙ። የምዝገባው ቀን እናንተ ሲሙን ከገዛችሁበት ቀን በፊት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በራሱ አለቀ።

«ከይዘት አቅራቢው ጋር ጨርሱ» የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል። አትቀበሉት። ገንዘቡን ከሂሳባችሁ የቀነሰው ኦፕሬተሩ ነው፣ ውላችሁም ከእሱ ጋር ነው። ይህ ክርክር በሌላ አገርም ተነሥቷል፤ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ቲ-ሞባይልን የከሰሰው ደንበኞች ላልፈቀዱት የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት፣ ብዙ ጊዜ በወር 9.99 ዶላር፣ በሂሳባቸው ላይ ተጭኗል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሦስተኛ ወገን አገልግሎት ነው መባሉ ሂሳቡን ያስከፈለውን ኩባንያ አላዳነውም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። በአካል ስትወስዱ አንዱን ለመዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመቱ። ማህተም የሌለው ቅጂ ነገ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ሲባል አይረዳችሁም። በስልክ ያመለከታችሁ እንደሆነም የአቤቱታ ቁጥር ጠይቁና ደብዳቤው ውስጥ ጥቀሱት። ከታች «ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን» ብላችሁ ጻፉ፤ ግልባጩንም በእርግጥ ላኩ። ይህ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የዘርፉ ተቆጣጣሪ ነው። ኦፕሬተሩ ዝም ካለ ወይም ማስረጃ ሳያቀርብ ከዘጋው፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ወደ እሱ ትሄዳላችሁ።

ዛሬ ማታ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ስልክ ተቀበሉና ከአጭር ቁጥር የገቡትን መልእክቶች ክፈቱ፤ በየቀኑ የሚመጣ ካለ ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።