ከመጨረሻው የሚጀምር የትምህርት ዕቅድ

አሜሪካውያኑ የትምህርት ባለሙያዎች ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ስለ ፖም ይማራሉ። ስለ ፖም ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ የፖም እርሻም ይጎበኛሉ። ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ምን ሊቀር እንደታሰበ ግን ግልጽ አይደለም።

የሁለቱ መፍትሔ የዕቅዱን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው።

በዚያው መጽሐፍ የተመጣጠነ ምግብን ለማስተማር የሚያቅደው መምህር መጀመሪያ የሚወስነው ተማሪው በመጨረሻ ሊገባው የሚገባውን ነው፤ ለምሳሌ የምግብ ፍላጎት በዕድሜ፣ በሥራና በጤና እንደሚለያይ። ቀጥሎ ማስረጃውን ይመርጣል፦ ተማሪዎች ለሦስት ቀን የካምፕ ቆይታ የተመጣጠነና የሚጥም የምግብ ዝርዝር ያወጣሉ፤ ለምን እንደመረጡትም ለካምፑ ኃላፊ በደብዳቤ ያስረዳሉ።

አስቸጋሪው ክፍል ይኸው ነው። መምህሩ «ትምህርቱ ሳይገባው ይህን ሥራ በደንብ ሊሠራ የሚችል ተማሪ ይኖራል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዝርዝሩን በቀለም ያሳመረ፣ ምክንያቱን ግን መናገር የማይችል ልጅ ከፍተኛ ነጥብ ካገኘ ጥፋቱ የመመዘኛው ነው።

የክፍል ሥራዎች የሚመረጡት ከዚህ በኋላ ነው። በምግብ እሽግ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ለደብዳቤው ስለሚጠቅም ይገባል፤ የፍራፍሬ ሥዕል መቀባት፣ ልጆቹ ቢወዱትም፣ ይወጣል።