ከብየዳው ጠርዝ የተነሣ ስንጥቅ

ለሁለት የተከፈለው የአሉሚኒየም ፍሬም መርማሪው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ከነክርክሩ ነው። ባለቤቱ ትንሽ ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ በድንገት እንደተሰበረበት ይናገራል። ሻጩ ደግሞ ፊት ለፊት አጋጭቶት ነው ባይ ነው። የተበጠሰው ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ሲሆን፣ ስብራቱ ያለው ከፊት ካለው አጭር ቱቦ ጋር በተበየደበት ጠርዝ ላይ ነው።

መርማሪው አስቀድሞ የከለከለው ሁለቱን ስብራቶች ማገጣጠም ነው። የሰው ሁሉ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ ፊቶቹ ሲፋተጉ ግን ማስረጃው ይጠፋል።

የግጭቱ ጉዳይ ቶሎ ተዘጋ። ብስክሌት ፊት ለፊት ሲጋጭ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚገፋ የዚህ ቱቦ የታችኛው ጎን ይጨመቃል፤ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ቱቦውም ያብጣል። እዚህ ግን እብጠትም ጭምዳድም የለም። ጎርበጥባጣ መንገድ በአንጻሩ ጎማውን ወደ ላይ ሲመታ ያንኑ ጎን ይወጥረዋል። ስንጥቁም የተነሣው ከዚያው ከታች ነው።

በአጉሊ መነጽር ሲታይ የስብራቱ ፊት ሁለት መልክ አለው። ሲሶው ለስላሳና ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ቀሪው ሻካራና የሚያብረቀርቅ። በግራጫው ክፍል ላይ የሚታዩት ቅስቶች ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው፦ ብየዳው ጠርዝ ላይ የቀረች ጠባብ ቦይ። ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው በእጅጉ ያነሰ ጭነት እየደጋገመ ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ ይህ የብረት ድካም ይባላል።

በዓይን የሚታዩት ቅስቶች ግን የጭነቱን መለዋወጥና እረፍት እንጂ እያንዳንዱን ምት አያሳዩም። ለዚያ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በብዙ ሺህ እጥፍ ሲጎላ ጎን ለጎን የተሰለፉ ረቂቅ ጭረቶች ብቅ አሉ። ፎርሳይዝና ራይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በአሉሚኒየም ቅይጥ ላይ እያንዳንዱ ጭረት ስንጥቁ በአንድ የጭነት ዑደት የተራመደው እርምጃ ነው።

መርማሪው በስድስት ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ሲለካ፣ በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 0.6 ማይክሮሜትር ሆነ። በአንድ የጠጉር ውፍረት ውስጥ ከመቶ በላይ ጭረት ይገባል ማለት ነው። ስድስት ሚሊሜትር ለ0.6 ማይክሮሜትር ሲካፈል አሥር ሺህ ይመጣል፤ ስንጥቁ ይህችን ርቀት ብቻ ለመሄድ አሥር ሺህ ያህል ምት ፈጅቷል።

ይህን ቁጥር ወደ ቀናት መለወጥ ግን አይቻልም። ቀላል ጭነት ጭረት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል፤ ከቦይዋ አጠገብም ስንጥቁ እጅግ በዝግታ ስላደገ የሚቆጠር ጭረት አልተገኘም። ስለዚህ መርማሪው ስንጥቁ መቼ እንደጀመረ አልጻፈም። የጻፈው ሁለት ነገር ነው፦ መነሻው የብየዳው ቦይ መሆኑን፣ ባለቤቱ የጠቀሰው ጉድጓድ ደግሞ ሲሶው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ቱቦ እንደጨረሰ።