የእንግዳው ድምፅ ሁለቴ ሲሰማ

አዲስ አበባ ያለች ጋዜጠኛ ዋሽንግተን ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ሐኪም ጋር በዙም የአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ አደረገች እንበል። ሲነጋገሩ እሷ ምንም እንከን አልሰማችም። በኋላ ቀረጻውን ስትከፍተው ግን ሐኪሙ የሚናገሩት ቃል ሁሉ ደብዛዛ ቅጂውን አስከትሎ ይመጣል፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው የሚናገሩ ይመስላል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የእንግዳውን ማይክ ወይም ኢንተርኔት ይጠረጥራል። ችግሩ ያለው ግን በጋዜጠኛዋ ክፍል ውስጥ ነው። የሐኪሙ ድምፅ ከላፕቶፗ ድምፅ ማጉያ ይወጣል፣ ከጠረጴዛና ከግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ተመልሶ በእሷው ማይክ ይገባል። ዙምን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ይህን ማሚቶ የሚያጠፉበት ስልት ቢኖራቸውም፣ ማጉያው በጣም ከፍ ሲል የሚያመልጣቸው አለ። ለዚህ ነው በስብሰባ መካከል የራሱን ድምፅ ደግሞ የሚሰማው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የማይሆነው። ሌላው ወገን ማይኩን ሲዘጋ ማሚቶው ከጠፋ፣ ምንጩ እዚያ ነው።

ቀረጻውን ማዳን መቻል አለመቻሏ የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፤ የሁለቱ ድምፅ ለየብቻ ተቀድቷል ወይ? ዙም በራስ ኮምፒውተር ላይ ሲቀዳ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ድምፅ በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል፤ ይህን ግን ከስብሰባው በፊት በቀረጻ ማስተካከያው ላይ መምረጥ ያስፈልጋል። መርጣ ከሆነ የሐኪሙ ፋይል ንጹሕ ነው። ማሚቶው ያለው በእሷ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል አንድ ሐሳብ አለ፤ የሐኪሙን ንጹሕ ድምፅ ገልብጦ ከእሷ ፋይል ጋር በመደመር ማሚቶውን ማጣፋት። ይህ አይሠራም። በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንድ ዙሩን በሴኮንድ አንድ ሺኛ ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለቱ ፋይሎች በዚያ ግማሽ እንኳ ከተዛነፉ፣ ድምፁ በመጥፋት ፈንታ ይጎላል። በዚያ ላይ ማጉያውና ክፍሉ የድምፁን መልክ ለውጠውታል።

የሚሠራው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሐኪሙ ሲናገሩ የእሷን ትራክ ዝም ማሰኘት። በነጻ በሚገኘው Audacity ሁለቱን ፋይሎች ከላይና ከታች አስገብታ እኩል መጀመራቸውን ታረጋግጣለች፤ ከዚያ በእሷ ትራክ ላይ ማሚቶ ያለበትን ክፍል መርጣ `Ctrl+L` ትጫናለች። `Delete` ብትጫን የቀረው ንግግር ወደ ኋላ ይሳብና ጥያቄና መልሱ ይዛነፋል።

ለአንድ ሰዓት ቀረጻ ይህን በእጅ መሥራት አድካሚ ስለሆነ `Auto Duck` የሚባለው መሣሪያ ይረዳታል። የሐኪሙን ትራክ ከእሷ ትራክ በታች አድርጋ የእሷን ስትመርጥ፣ መሣሪያው እሳቸው በተናገሩ ቁጥር የእሷን ዝቅ ያደርጋል። ሲከፈት የሚያሳየው -12 ዴሲቤል ድምፁን ወደ ሩብ ገደማ ብቻ ስለሚያወርደው ማሚቶው አሁንም ይሰማል፤ -24 ይሻላል። ማሚቶው ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ እሳቸው ዓረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር ጭራው ብቻውን ከተሰማ፣ ድምፁ ተመልሶ ከፍ የሚልበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። የእሷ ትራክ ፈጽሞ ዝም ሲል የክፍሏ ድባብ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ማንም ያልተናገረበትን ጥቂት ሴኮንድ ወስዳ በሥሩ ብታነጥፍ ጆሮ ያርፋል።

አስቸጋሪው ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተናገሩበት ቦታ ነው። መሣሪያው የእሷን ጥያቄ ከማሚቶው ለይቶ ስለማያውቅ አብሮ ያፍነዋል። «እሺ» እና «ልክ ነው» ቢቀሩ የሚጎድል ነገር የለም። ጥያቄ ከሆነ ግን ማሚቶውን እዚያ ላይ መታገሥ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የእሷ ድምፅ ጎልቶ ይሸፍነዋልና።

ከዚህ የረቀቀው ዘዴ በ1960ዎቹ በቤል ላቦራቶሪዎች ለስልክ መስመር የተፈለሰፈው ነው። ማሚቶ አጥፊው ሩቅ ያለው ሰው ብቻውን ከሚናገርባቸው ቦታዎች፣ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ እንዴት እንደሚለወጥ ይማራል፤ በተማረው መሠረት የማሚቶውን ግምት ሠርቶ ይቀንሳል። ሁለቱም ሲናገሩ መማሩን ማቆም አለበት፤ ካልሆነ የቅርቡ ሰው ድምፅ ያሳስተዋል። ዛሬ በስብሰባ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለውም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ንጹሑ ትራክ በእጅ ካለ ከቀረጻ በኋላም ይሠራል።

ሁሉም በአንድ ፋይል ተቀላቅሎ የተቀዳ ከሆነ ግን የሚቻለው ትንሽ ነው። ከዓረፍተ ነገር በኋላ ባለው ፋታ ላይ የሚንጠለጠለውን ጭራ መቁረጥ ይቻላል፤ ከሐኪሙ ቀጣይ ቃል ጋር የተደራረበው ማሚቶ ግን ይቀራል። እሳቸው ንግግራቸውን በስልካቸው ቀድተው እንደሆነ መጠየቅ ያዋጣል። ካለ፣ እሳቸው ብቻ የሚናገሩበትን ሁሉ በዚያ መተካት ይቻላል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓታቸው ትንሽ ስለሚለያይ ግን አሰላለፉን በየጥቂት ደቂቃው መፈተሽ ያስፈልጋል።