ጉርድ ፎቶ፦ የሚነካውና የማይነካው

ለዲቪ ሎተሪም ሆነ ለአሜሪካ ቪዛ የሚቀርብ ጉርድ ፎቶ መልክን በሚለውጥ መንገድ እንዳይነካካ ተከልክሏል። ብዙ ሰው ይህን የቢሮ ጥብቅነት አድርጎ ያየዋል፤ ምክንያቱ ግን ፎቶው የሚሠራው ሥራ ነው። ጉርድ ፎቶ ከመታየቱ ባሻገር ይለካል። የፊት መለያ ሶፍትዌር ከፊት ገጽታ ልኬቶችን አውጥቶ ከሌላ ፎቶ ወይም በአካል ከቀረበው ሰው ጋር ያመሳክራል። አገጩ የሾለ፣ አፍንጫው የቀጠነ ፎቶ ደግሞ ባለቤቱን ከራሱ ያራርቀዋል። የባሰም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የጣሊያን ተመራማሪዎች የሁለት ሰዎች ፊት ተዋህዶ የተሠራ አንድ ፎቶ ከሁለቱም ጋር ሊመሳሰል እንደሚችል አሳይተዋል። አንድ ፓስፖርት ለሁለት ሰው ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ በወረቀት መቀበሏን ትታ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲደርሳት ያደረገችው ይህን ዓይነቱን ማጭበርበር ለመከላከል ነው።

“እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም፤ ቆዳዬን ትንሽ ባለሰልሰው ምን ይጎዳል?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ማለስለሻው የዛሬን ብጉር ከዕድሜ ልክ ጠባሳና ማርያም ስሞሽ አይለይም፣ ሁሉንም አብሮ ያጠፋል። ፊትን ማቅላትም የቆዳን ቀለም ያሳስታል። ጀርባን ቆርጦ ነጭ መለጠፍ እንኳ ጉዳት የሌለው ይመስላል እንጂ፣ የፀጉሩንና የጆሮውን ጠርዝ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ብርሃንና ጀርባ መስተካከል ያለባቸው ከመነሳት በፊት ነው፦ ከነጭ ግድግዳ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ፣ መነጽር አውልቆ፣ የስልኩን የማስዋቢያ ማጣሪያ አጥፍቶ።

የሚፈቀደው ፊቱን ሳይነኩ ዙሪያውን መከርከም፣ መጠኑን መቀነስና ፋይሉን ማቅለል ነው። ዲቪ የሚጠይቀው ባለ እኩል ጎን የጄፔግ ፎቶ ነው፤ ጎኑ ከ600 እስከ 1200 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርዝመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ የሚይዝ። ስልኩ ያነሳው ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ቢሆንና ጭንቅላቱ 1200 ፒክስል ቢይዝ፣ መጀመሪያ 2000 በ2000 አድርጎ መከርከም ነው፤ ጭንቅላቱ 60 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ወደ 600 በ600 ሲቀነስ ጭንቅላቱ 360 ፒክስል ይሆናል፤ ድርሻው ግን ያው 60 በመቶ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሳይከረክሙ 3000 በ4000ውን በቀጥታ 600 በ600 ሲያደርጉ ነው። ያኔ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጥ ስለሚታመቅ ፊቱ በሲሶ ያህል ይሰፋል። የፋይሉ መጠን ትክክል ቢሆንም መልኩ ተለውጧል። ስህተቱን ለማወቅ ከዋናው ፎቶ ጎን አስቀምጦ የፊቱን ወርድና ቁመት ማነጻጸር ይበቃል፤ ምጥጥናቸው ከተለያየ ወደ ዋናው ተመልሶ እንደገና መከርከም ነው። ከጥላ ወይም ከብዥታ የመጣ ጉድለት ከሆነ ግን መፍትሔው እንደገና መነሳት ነው።